ሦስቱን ቀለም እኩል አታካፍሉ

ዛሬ ሱቅ የመጣ አንድ ቀሚስ አንጀቴን አቃጥሎኛል፤ ስለዚህ ሳልተኛ ልጻፈው። የሙሽራ እናት ናቸው ይዘውት የመጡት። ደረቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስቀል ተጠልፎበታል። የጠለፈችው ልጅ እጅ የሚደነቅ ነው፤ አንድ ስፌት አልዘለለችም፣ ጀርባው ራሱ ንጹሕ ነው። ግን አራት አምስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ስታዩት መስቀሉ የለም። ቡናማ ነገር የፈሰሰበት ይመስላል። እናትየው «እታለም፣ ክሩ ለቆ ነው እንዴ?» አሉኝ። ክሩ አልለቀቀም። ልጅቷ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «ቀለሙ ሦስት ከሆነ እኩል አካፍሉት፣ ሚዛኑን ይጠብቃል» የሚል ምክር አንብባ ያንኑ ተከትላ ነው። ያ ምክር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም አይቼዋለሁ። ስህተት ነው። እባካችሁ ማጋራቱን አቁሙ።

ካንቫስ አወጣጠር፣ መርፌ ቁጥር፣ ክር አጀማመር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልጽፈውም። ስለ ቀለም ምርጫ ብቻ ነው የማወራው።

1. መጀመሪያ ጨርቁን እዩ። የእጅ ፈትል ነጭ አይደለም፤ ቅቤ ቅቤ የሚል ቀለም አለው። ከሱቅ የሚገዛው ፋብሪካ ያነጣው ጨርቅ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይመታል። ነጭ ክር የምታስገቡ ከሆነ ከዲኤምሲ ነጮች እነዚህን ሦስቱን ለዩ፦ በጣም የነጣው ቢ 5200፣ መካከለኛው ብላንክ፣ ወደ ጥሬ ጥጥ የሚሄደው ኤክሩ። ፈትል ላይ ቢ 5200 ስትጠልፉ አካባቢው ያልታጠበ ይመስላል። ለፈትል ብላንክ ወይም ኤክሩ፣ ለፋብሪካው ጨርቅ ቢ 5200።

2. ክሩን ከሱቁ በር ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። በሱቅ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀይ ክሮች ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ማቅለሚያቸው ስለሚለያይ ነው፤ መብራቱ የሚደብቀውን ፀሐይ ያወጣዋል። ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደጅ ነው የሚውለው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የእኛ ፀሐይ ምሕረት የላትም።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር። የቀለሙን ስም እርሱትና ጥቁረቱንና ፍካቱን እዩ። የዛሬው ቀሚስ የወደቀው እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ የተጠቀመችባቸው ቁጥሮች 699 አረንጓዴ፣ 498 ጠቆር ያለ ቀይ እና 444 ቢጫ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚያምሩ ክሮች ናቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በስልኬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳኋቸው። አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ፤ የትኛው የት እንደሚያበቃ አይለይም። ቢጫው ደግሞ ከነጩ ጨርቅ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። እንግዲህ መስቀሉን መስቀል የሚያደርገው የዳር መስመር በቢጫ ተጠልፎ ነበር። ዳሩ ሲጠፋ፣ ውስጡ አንድ ግራጫ ሲሆን ምን ይቀራል?

ቡናማው ከየት መጣ ለሚለው ደግሞ፦ ስፌቱ ትንሽ ነው። በኢንች 14 ቀዳዳ ባለው ካንቫስ አንዱ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቁ በዚህ መጠን ሲደረደሩ ቅርብ ያለ ዓይን ይለያቸዋል፤ ራቅ ያለ ዓይን ግን አንድ ላይ ያነባቸውና ወደ ቡናማ ይቀይራቸዋል። ክሩ ምንም አልሆነም፤ የተቀላቀለው ዓይናችን ውስጥ ነው።

ክሩ ሳይበላሽ ዓይናችን እንደሚሳሳት አዲስ ግኝት አይደለም። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1824 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው የምንጣፍና የግድግዳ ሥዕል ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ደከመ ብለው ያማርሩ ነበር። ማቅለሚያውን መረመረው፤ እንከን የለበትም። ችግሩ ጥቁሩ ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ አጠገብ መዋሉ ነበር፤ ጎረቤቱ ነው ያደከመው። ከዚያ ተነስቶ በ1839 ስለ ቀለማት ጉርብትና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እኛ ዛሬም ክሩን እንከሳለን።

የዛሬውን ቀሚስ እንዴት እንዳስተካከልኩት ልንገራችሁ። አረንጓዴውን 699 አልነካሁትም። 498ን አውጥቼ በ321 ተካሁት፤ ይህኛው ፈካ ያለ ቀይ ነው፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ከአረንጓዴው ተለይቶ ይታያል። 444ን በ783 ለወጥኩት። 783 የሎሚ ቢጫ አይደለም፤ ወርቃማ፣ ሰናፍጭ የሚመስል ነው። ነጭ ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው «ቢጫው ይደምቅ» ብሎ ወደ ሎሚ ቢጫ ይሮጣል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ግን የሚደምቀው ጠቆር ያለው ቢጫ ነው። አሁን አራት ደረጃ አለን፦ በጣም ጥቁሩ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ ቀጥሎ ወርቃማው፣ በመጨረሻ ጨርቁ ራሱ። ቀይና አረንጓዴው አሁንም ከሌሎቹ ይልቅ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ረድፍ ወርቃማ አስገባሁ። ድንበር ሲኖር አይቀላቀሉም።

ከዚያ መጠኑ። መስቀሉ 1,200 ስፌት ነው እንበል። እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 400 ይደርሳል፤ ያኔ ሁሉም ቀለም እኔን እዩኝ ይላል፣ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። እኔ ለአረንጓዴው 720፣ ለቀዩ 360፣ ለወርቃማው 120 ሰጠሁ። ስድስት እጅ፣ ሦስት እጅ፣ አንድ እጅ ማለት ነው። ፈካ ያለ ቀለም ትንሽ ሆኖ ብዙ ይታያል፣ ጠቆር ያለው ብዙ ሆኖ ይረጋል። ሚዛን የሚባለው ይሄ ነው፤ የስፌት ቁጥር እኩልነት አይደለም። ስድስት ለሦስት ለአንድ የተጻፈ ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው፤ ጨርቁ ጥቁር አረንጓዴ ቢሆን፣ እንደ ጎጃም ገበሬ ቁምጣ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ይገለበጣል። እዚያ ላይ 444 የሎሚ ቢጫው ያበራል፣ 699 ደግሞ ይሰምጣል።

መርፌ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ጣት የሚያህል ካርቶን ቁረጡና ክሮቹን ጠምጥሙበት፦ አረንጓዴ 12 ዙር፣ ቀይ 6 ዙር፣ ወርቃማ 2 ዙር። በምትጠልፉበት ቅደም ተከተል ይጠምጠሙ። ካርቶኑን እዚያው ቀሚስ ላይ አስቀምጡት፣ በር ላይ ስቀሉት፣ አራት ሜትር ራቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ከዚያ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ሁለቱ ቀለም ከተዋሐደ አንዱን ቀይሩ። ሹራብ በመስመር የምትሠሩም ይኸው ነው፤ ካርቶኑ ላይ ካልተለየ ሹራቡ ላይ አይለይም።

ስለ ክር ግዢ ሳልናገር አላልፍም፤ ይሄ ደሜን የሚያፈላው ጉዳይ ነው። ጥቅሉ ላይ ያለውን ወረቀት እየላጡ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። «ለማየት እንዲመች» ይላሉ። እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እኮ ክሩን ዳግም የማግኛው ብቸኛ መንገድ ነው! ዲኤምሲ ወደ 500 የሚጠጋ ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ብቻ ስንት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ሰው «ያን አረንጓዴ» እያለ ይመጣል፣ ባለሱቁ በመብራት አይቶ «ይኸው፣ አንድ ነው» ይላል። አንድ አይደለም። ቀሚሱ ሲያልቅ የግራው እጅጌ አንድ አረንጓዴ፣ የቀኙ ሌላ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህንንም ካንዴም ሁለቴ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ቁጥሩን ብቻ አስመስለው የሚሠሩ ክሮች አሉ፤ 699 ተብሎ ተጽፎበት ከ699 አጠገብ ሲቀመጥ የማይገናኝ። ስለዚህ ወረቀት የሌለውን ክር ለትልቅ ሥራ አትግዙ፤ የገዛችሁትንም ወረቀቱን ከአንድ ቁራጭ ክር ጋር አስራችሁ አኑሩት።

ስንት ልግዛ ለምትሉ፦ አንድ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ቀጫጭን ክር ተጣምሮ። በ14 ካንቫስ ሁለት ሁለቱን እያወጣን ስንጠልፍ አንዱ ጥቅል በግምት 1,500 ስፌት ያወጣል፤ የሚያባክን እጅ ካለ ከዚያ ያንሳል። ያ መስቀል ደረት፣ ሁለት እጅጌና ጀርባ ላይ አራት ጊዜ ቢገባ አረንጓዴው 2,880 ስፌት ነው። ሁለት ጥቅል አፉን ይነካዋል፤ ሦስት ግዙ። ቀዩ 1,440 ስለሆነ ሁለት፣ ወርቃማው 480 ስለሆነ አንድ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ እሽግ። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ቁጥሩ አንድ ሆኖም በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል።

ማሰልጠኛዎቻችን ምን ያስተምራሉ ብላችሁ ጠይቁ። ከአንድ ማሰልጠኛ የወጡ ልጆች ለሥራ ወደኔ ይመጣሉ። የቀለም ክብ አሣሣሉን በቃላቸው ይሉታል፤ «ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆኑ ይደማመቃሉ» ብለው ይመልሱልኛል። ለትልቅ ጨርቅ እውነት ነው። ለሁለት ሚሊ ሜትር ስፌት ውሸት ነው። በስልጠናቸው ጊዜ ሁሉ ክር በቀን ብርሃን አስቀምጦ ያሳያቸው አንድ መምህር የለም፤ ፈተናው በወረቀት፣ ቀለሙ በእርሳስ። ከዚያ ምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው የሰው ቀሚስ ላይ ይለማመዳሉ። ልጆቹን አልወቅስም፤ እጃቸው ወርቅ ነው። አንድ ካርቶን ክር መግዛት ያቃተው በጀት ግን ለመመረቂያ ባነር አያንስም። ይሄ መስተካከል አለበት፤ በየስብሰባው እናገራለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ።

ቀይ ክር ነጭ ላይ ለምታስገቡ አንድ ነገር ልጨምር። መዳፍ የምታክል የክር ቁራጭ በሙቅ ውኃና በሳሙና አርጥቡ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከባድ ነገር ጫኑበትና አሳድሩት። ጠዋት ፍቱት። ጨርቁ ላይ ቀላ ያለ ምልክት ካለ ያ ክር ነጭ ቀሚስ ላይ አይገባም፤ ቁጥሩ የፈለገው ይሁን። ምልክት ከሌለ ጥለፉ። ስታጥቡም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳትጨምቁ፣ ጥልፉን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አስጡት።