የእማዬ ስድስት ወር ሊሞላ ነው

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ባሉ የሀበሻ ቤቶች ተደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ልጅ ስትወልድ እናቷን በጎብኚ ቪዛ ታስመጣለች። ወራቱ ሳይታሰቡ ያልፉና አንድ ማታ፣ “እማዬ ስድስት ወሯ ሊሞላ ነው፤ ማራዘም ይቻላል?” ትላለች። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ከዚህ መልስ በኋላ የሚመጡት ሁለት ጥያቄዎች ግን ብዙ ቤተሰብ የሚቸገርባቸው ናቸው። ማመልከቻው መቼ መግባት አለበት? ከገባ በኋላስ ውሳኔው እስኪመጣ እናት በምን ሕግ ነው አሜሪካ የሚቀመጡት?

መጀመሪያ የሚታወቀው ቀኑ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ቪዛው ላይ አይደለም ያለው። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ አሜሪካ በር ድረስ የሚያደርስ ወረቀት ነው። በሩ ላይ ያለው መኮንን ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል ወስኖ በኮምፒውተር ይመዘግባል፤ ይህ መዝገብ አይ-94 ይባላል። i94.cbp.dhs.gov ላይ የፓስፖርት ቁጥርና ስም ሲገባ፣ “Admit Until Date” ከሚለው ፊት ለፊት የመጨረሻው ቀን ይታያል። የሚቆጠረው እሱ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ከጁላይ 2025) ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የጎብኚ ቪዛን በሦስት ወርና በአንድ መግቢያ ስለወሰነች፣ ይህን ልዩነት ማወቅ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ቪዛቸው በሦስተኛው ወር ያለቀ እናት አይ-94 ስድስት ወር ከሰጣቸው ስድስቱን ወር በሕግ ይቆያሉ። በተቃራኒው፣ የድሮ የሁለት ዓመት ቪዛ የያዘ ሰው “ገና ጊዜ አለኝ” ብሎ ከአይ-94 ቀኑ በላይ ቢቀመጥ ሕግ ጥሷል።

ቀኑን ሲያነቡ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ አስቀድመው እንደሚጽፉ አይርሱ። 07/09 ማለት ጁላይ 9 እንጂ ሴፕቴምበር 7 አይደለም። ፓስፖርቱ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነም የተሰጠው ጊዜ ከስድስት ወር ሊያጥር ይችላል፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን መዝገቡን ከፍቶ ማየት ነው።

ማራዘሚያው የሚጠየቀው ዩኤስሲአይኤስ ከሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ አይ-539 በተባለው ፎርም ነው። ሕጉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ማመልከቻው የአይ-94 ቀን ከማለፉ በፊት መድረስ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚመክረው ግን ቢያንስ 45 ቀን ሲቀር ማስገባትን ነው። 45ቱ ቀን ግዴታ አይደለም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ እንደገና ለማስገባት የሚተርፍ ጊዜ ነው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንሂድበት። እናት ጃንዋሪ 10 ቀን 2026 በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ገቡ እንበል፤ አይ-94ቱ ጁላይ 9 ይላል። በሜይ መጀመሪያ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ኦፕሬሽን ተደረጉ፤ ሐኪሙም ለጥቂት ወራት ረጅም በረራ እንዳይሞክሩ ጻፈላቸው። 45 ቀኑ ሜይ 25 ላይ ይውላል። ልጅቱ በዚያ ሳምንት በኦንላይን አካውንት ከፍታ ፎርሙን ትሞላለች፤ እስከ ጃንዋሪ 9 ቀን 2027 ድረስ፣ ማለትም ስድስት ወር ሙሉ ትጠይቃለች። በአንድ ማመልከቻ ከስድስት ወር በላይ አይሰጥም። አባትም አብረው ከመጡ አይ-539ኤ በሚባለው ተጨማሪ ፎርም እዚያው ይካተታሉ። ክፍያው ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በኦንላይን 420፣ በወረቀት 470 ዶላር ነበር፤ ከመክፈል በፊት የዕለቱን ዋጋ ማየት ደግ ነው።

ከፎርሙ ጋር የሚያያዘው ጉዳዩን የሚያስረዳ ደብዳቤ ነው። የሚመረምረው ሰው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ለምን መቆየት አስፈለገ፣ ቀለቡን ማን ይችላል፣ ሰውዬው በእርግጥ ይመለሳል ወይ። በምሳሌያችን የመጀመሪያውን የሐኪሙ ወረቀት ይመልሰዋል። ሁለተኛውን የልጅቱ የባንክ መግለጫና የሥራ ማስረጃ። ሦስተኛውን ደግሞ የአገር ቤቱ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ የተዛወረው የመመለሻ ትኬት። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ትክክል ነው ብሎ ፈርሞበት ይያያዛል። “የልጅ ልጆቼን የምይዝ ስለሌለ ነው” የሚል ደብዳቤ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ለእኛ አያት የልጅ ልጅ ቢይዙ ወግ ነው፤ መርማሪው ግን የሞግዚት ሥራ አድርጎ ሊያየው ይችላል፣ የጎብኚ ቪዛም ለዚያ አልተሰጠም። ውሸት ጻፉ ማለቴ አይደለም። ሌላ ምክንያት ከሌለ አለማራዘም ይሻላል ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ወረቀቱን በፖስታ ሲልክ ነው። የሚቆጠረው ፖስታ ቤት የተሰጠበት ቀን አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ነው። እሱም ቢሆን ፎርሙ ፊርማ ከጎደለው ወይም ክፍያው ትክክል ካልሆነ ሙሉው ጥቅል ተመልሶ ይመጣል፣ የተመለሰ ማመልከቻ ደግሞ እንዳልገባ ነው የሚታየው። ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የወረቀት ቼክና መኒ ኦርደር መቀበል አቁሟል። እንግዲህ ልጅቱ የቆየውን ልማድ ተከትላ ጁን 29 ቀን ከቼክ ጋር ላከችው እንበል። ጁላይ 3 ይደርሳል። ከዚያ ክፍያው ልክ አይደለም ተብሎ ተመልሶ ቤቷ የሚደርሰው ጁላይ 16 ነው። የእናት ቀን ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። በሜይ የላከች ሰው ያንኑ ስህተት ብትሠራ አርማ እንደገና ታስገባ ነበር። በኦንላይን ሲገባ ግን ደረሰኙ ወዲያው አካውንቱ ላይ ይታያል፤ ለዚህ ነው በኦንላይን ማስገባትን የምመክረው።

አሁን ጁላይ 9 አለፈ፣ ውሳኔ የለም። ውሳኔ ወራት መፍጀቱ የተለመደ ነው። እናት በዚህ ጊዜ ምንድን ናቸው? ብዙዎች “ደረሰኙ ካለ ፈቃድ አለ” ይላሉ፤ ትክክል አይደለም። የጎብኚነት ፈቃዳቸው ጁላይ 9 አብቅቷል። ነገር ግን ማመልከቻው በጊዜው ገብቶ በአግባቡ የቀረበ ከሆነና እናት ያለፈቃድ ሥራ ካልሠሩ፣ መንግሥት መልስ እስኪሰጥ ድረስ መቆየታቸው እንደ ሕገ ወጥ ቆይታ አይቆጠርባቸውም። ፈቃድ ሳይሆን ጥበቃ ነው ብንለው እውነቱን ይገልጻል። ጥበቃው ሥራ አያሠራም። ወጥቶ ለመመለስም አያገለግልም፤ እናት ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሰው ለመምጣት ቢያስቡ ያ ደረሰኝ ቪዛ አይሆናቸውም። በዚህ መሃል ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ በተጻፈበት ቀን ውስጥ መመለስ ግድ ነው። አድራሻ የተለወጠ እንደሆነም በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለድሮ ቤት የተላከ ደብዳቤ አልደረሰኝም ማለት አያዋጣም።

ጠበቆች አጥብቀው የሚናገሩት፣ ሰው ግን የሚዘነጋው አንድ ቀን አለ። እናት እስከ ጃንዋሪ 9 ቀን 2027 ነው የጠየቁት። ያ ቀን ደርሶ መልስ ካልመጣስ? ጥበቃው ለዘላለም የሚቆይ እየመሰላቸው የሚቀመጡ አሉ። የጠየቁት ቀን ካለፈ የሚጠበቅ ነገር የለም። ወይ ከዚያ ቀን በፊት መውጣት፣ ወይ ከዚያ ቀን በፊት ሁለተኛ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የሚቆመው ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ከተከለከለ ሁለተኛውም አብሮ ይወድቃል። እኔ ብሆን ከእነዚህ ሁለቱ መውጣትን እመርጣለሁ።

ክልከላ ከመጣ ቆጠራው ይጀምራል። ማመልከቻው በጊዜው የገባ ከነበረ ሕገ ወጥ ቆይታ የሚቆጠረው ከክልከላው ማግስት ነው፤ ዘግይቶ የገባ ከነበረ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ከጁላይ 10 ጀምሮ። በኦክቶበር 20 ቢከለከሉ፣ የመጀመሪያዋ እናት ኦክቶበር 21 ላይ አንድ ቀን አላቸው፤ የዘገዩት ያን ቀን ከመቶ በላይ ቀን ተጠራቅሞባቸዋል። ይህ ከ180 ቀን ካለፈና ሰውየው ከወጣ ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመት ከሞላ ለአስር ዓመት አሜሪካ እንዳይገባ ይታገዳል። ልጅቱ ዜግነት አግኝታ ለእናቷ ግሪን ካርድ ልትጠይቅ ካሰበች፣ ዕቅዱን የሚያናጋባት ይህ ዕገዳ ነው። ሌላም አለ። ከፌብሩዋሪ 2025 መመሪያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ሲከለክል፣ ፈቃዱ ያለቀበትን ሰው ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሚያቀርብ መጥሪያ ሊያወጣበት ይችላል። ስለዚህ ክልከላ በመጣ ቀን ትኬት መቁረጥ ነው። በአይ-539 ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም፤ ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ የሚል አቤቱታ በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ ቢቻልም፣ አቤቱታው ቆጠራውን አያስቆምም።

ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች ሁልጊዜ በር ይዘጋባቸዋል ማለት አይደለም። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ያጋጠመውን፣ መዘግየቱም ከምክንያቱ ጋር የሚመጣጠንለትን ሰው ሊያልፍ ይችላል፤ ሆስፒታል ራሱን ስቶ የከረመ ሰው እንዲህ ሊከራከር ይችላል። አላወቅሁም፣ ቀኑ ተምታታብኝ የሚል ግን አይሰማም። ከአውሮፓ የመጡ ወገኖቻችንም ይጠንቀቁ፦ በስዊድን ወይም በጀርመን ፓስፖርት ያለ ቪዛ፣ በኢስታ የገባ ሰው 90 ቀኑ አይራዘምለትም፤ አይ-539 ቢያስገባም ዋጋ የለውም።

እናት ውሳኔው ሳይመጣ በኖቬምበር ድነው ቢሄዱስ? ይሂዱ፤ ጥሩ አደረጉ። ማመልከቻው የገባበትን ደረሰኝ፣ የተያያዙትን ወረቀቶች ቅጂና የአውሮፕላን ቦርዲንግ ካርዳቸውን ግን ይዘው ይሂዱ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አበባ ኤምባሲ ቪዛ ሲጠይቁ፣ ከጁላይ 9 በኋላ ለምን እንደቆዩ ይጠየቃሉ፤ የሚመልሱበት ማስረጃ እነዚህ ናቸው። ቀኑ ያለፈባችሁ ወይም ክልከላ የደረሳችሁ ደግሞ ፎርም በሚሞላ ጎረቤት አትመኩ፤ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴሩ የታወቀ ተወካይ ዘንድ በዚያው ሳምንት ሂዱ።