ከ23,000 ብር ውስጥ ቫቱ ስንት ነው?

አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ የምግብ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ «ቫትን ጨምሮ» በ23,000 ብር ሸጠ እንበል። ማታ ሂሳቡን ሲያወራርድ የ23,000 ብር 15 በመቶ ያሰላና 3,450 ብር ለመንግሥት ለይቶ ያስቀምጣል። ይህ ስሌት ስህተት ነው፤ 450 ብር ከገዛ ኪሱ እያወጣ ነው። በወር ሃያ እንዲህ ያለ ሽያጭ ቢኖረው 9,000 ብር ይሆናል፤ ለትንሽ ሱቅ ደግሞ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስህተቱ የሚመጣው «15 በመቶ» የምን 15 በመቶ እንደሆነ ካለመጠየቅ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔ የሚሰላው ታክሱ ከመጨመሩ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። የዕቃውን ዋጋ 100 ብለን ብንነሳ ታክሱ 15፣ ገዢው የሚከፍለው 115 ይሆናል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 23,000 ብር የሚወክለው 115ቱን እንጂ 100ውን አይደለም። ታክሱ ከ115 እጅ 15 እጅ ነው፤ ሁለቱንም ለ5 ስናካፍላቸው ከ23 እጅ 3 እጅ ይሆናል።

23,000ን ለ23 ስናካፍል 1,000 እናገኛለን፤ በ3 ስናባዛው 3,000 ብር። ታክሱ ይኸው ነው፤ የዕቃው ዋጋ ደግሞ ቀሪው 20,000 ብር። ማረጋገጫው የ20,000 ብርን 15 በመቶ መልሶ መደመር ነው፤ 23,000 ይመጣል። የነጋዴውን ስሌት በዚሁ መንገድ ብንፈትነው ግን 19,550 ብር ይቀረዋል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲደመር 22,482 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ወደ ተነሱበት ዋጋ ካልተመለሱ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው።

የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምር ሆቴል ውስጥም ይኸው መንገድ ይሠራል። የምግቡ ዋጋ 200፣ የ10 በመቶ አገልግሎት 20፣ በሁለቱ ድምር ላይ ቫት 33፤ በአጠቃላይ 253 ብር። 253ን ለ23 አካፍለን በ3 ስናባዛ 33 እናገኛለን። መጠንቀቅ ያለብን ደረሰኙ ላይ ከታክስ ነፃ የሆነ ዕቃ ሲቀላቀል ነው፤ የእሱን ዋጋ አስቀድመን ካልቀነስን ያልተከፈለ ታክስ እናወጣለን።

ብዙ ሂሳብ ሠራተኞች የሚቸገሩት በሳንቲም ማጠጋጋት ነው። ቫትን ጨምሮ 50 ብር የሚሸጥ ዕቃ ያለ ታክስ ዋጋው 43 ብር ከ47.8 ሳንቲም ነው፤ ተጠጋግቶ 43.48 ይባላል። መቶ ፍሬ ሲሸጥ 4,348 ብር፣ ታክሱ 652.20፣ ድምሩ 5,000.20 ይሆናል፤ ገዢው የከፈለው ግን 5,000 ነው። እኔ የምመርጠው ጠቅላላውን 5,000 ብር ይዞ ታክሱን 652.17 አውጥቶ ቀሪውን በመቀነስ ማግኘት ነው፤ ያኔ ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ካዝና ውስጥ ካለው ብር ጋር ይገጥማሉ።