ተረትና እውነታ፦ «ዲ» ማለት ትልቅ ጡት ማለት ነው?

ስለ ጡት መያዣ ልክ ሲወራ ከሁሉ የሰረጸው እምነት ፊደሉ የጡትን ትልቅነት ይናገራል የሚለው ነው። ኤ ትንሽ፣ ቢ ደህና፣ ዲ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ተደርጎ ይታሰባል፤ ገዢም ሻጭም የሚግባቡት በዚሁ ነው። ፊደሉ ግን የሚነግረን ልዩነትን ብቻ ነው። በአውሮፓው አለካክ ቁጥሩ ከጡት ሥር ያለው የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ፊደሉ የጡቱ ዙሪያ እጅግ ሞልቶ በሚገኝበት ላይ ሲለካ ከዚያ በስንት እንደሚበልጥ ያሳያል። ብልጫው ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኤ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥር ያልተጠራለት «ዲ» ትርጉም የለውም። 90 ዲ እና 70 ዲ ፊደላቸው አንድ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ካፕ ከሁለተኛው እጅግ ይሰፋል። በአንጻሩ 70 ዲ፣ 75 ሲ እና 80 ቢ በፊደል ተለያይተው የካፓቸው ይዞታ ተቀራራቢ ነው። እንዲህ ያሉት ልኮች እህትማማች ይባላሉ፦ ቁጥሩ አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ፊደሉ አንድ ይወጣል። በኢንች የተጻፈ ከሆነም 36 ቢ፣ 34 ሲ እና 32 ዲ በዚሁ ሥርዓት ይዛመዳሉ።

ይህን አለማወቅ የሚያመጣውን ጣጣ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ከጡቷ ሥር 70፣ በጡቷ ላይ ደግሞ 91 ሴንቲ ሜትር የምትለካ ሴት አለች እንበል። ብልጫው 21 ነውና ልኳ 70 ኢ ነው። ቀጭን ስለሆነች ግን «ኢ» የእሷ ልክ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚገምት የለም፤ ሱቁም 70 ኢ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ 80 ሲ ለብሳ ትኖራለች። 80 ሲ የ70 ኢ እህት በመሆኑ ጡቷ ካፑ ውስጥ ይገባል፤ ስህተቱ የማይታወቀውም ለዚሁ ነው። ማሰሪያው ግን ሁለት ደረጃ ሰፍቷል። የጡትን ክብደት በአብዛኛው መሸከም ያለበት ደረትን የሚዞረው ማሰሪያ እንጂ የትከሻው ማንጠልጠያ አይደለም። ማሰሪያው ሲላላ ከኋላ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ፊቱ ይወርዳል፣ ሸክሙ ወደ ትከሻ ይዞራል። እሷም ማንጠልጠያውን ታሳጥራለች፤ ይህ ደግሞ ጀርባውን ይበልጥ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ትከሻዋም ላይ ሰንበር ያወጣል። የባሰው የሚመጣው ማሰሪያው መስፋቱን ነቅታ 80 ሲን በ70 ሲ ስትለውጥ ነው። ፊደሉን ይዛ ቁጥሩን ብቻ ስላወረደች ካፑ ሁለት ደረጃ ጠቧል፤ ጡቷ ከላይ ይፈሳል፣ ሽቦውም ደረቷ ላይ ማረፉ ቀርቶ ጡቷን ይወጋል። «ጠባብ ቁጥር አይስማማኝም» ብላም ወደ 80 ትመለሳለች።

እዚህ ላይ «የጠበቀ ማሰሪያ ያፍናል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ሕመሙ ሁልጊዜ ከማሰሪያው አይመጣም። ካፑ ሲጠብ ጡቱ ቦታ ፍለጋ ጨርቁን ወደ ፊት ስለሚስበው ማሰሪያው ያጠረ ይመስላል። ሁለቱን ለመለየት ጡት መያዣውን አዙሮ፣ ካፑን ወደ ጀርባ አድርጎ መቆለፍ ይበቃል፦ እንዲህ ሆኖ ከተመቸ ጥፋቱ የካፑ ነው፤ አሁንም ካስጨነቀ በእርግጥ ማሰሪያው ጠቧል። አዲስ ሲገዛ በመጨረሻው፣ በላላው መንጠቆ ተቆልፎ ልክ መሆን አለበት። ሌሎቹ ረድፎች የተሠሩት ላስቲኩ እየተለጠጠ ሲሄድ ወደ ውስጥ ለመግባት ነው፤ አዲሱን ገና ከጅምሩ በጠባቡ የምትቆልፍ ሴት የነገውን ዛሬ ጨርሳለች።

እህትማማች ከሆኑ የተገኘውን መልበስ ምን ይከፋል የሚሉም አሉ። አንድ ደረጃ ከሆነ አይከፋም፤ የአንዱ ፋብሪካ 75 ከሌላው ሊጠብቅ ስለሚችል 75 ሲ ሲያፍን 80 ቢን መሞከር ጥሩ መላ ነው። የሚመሳሰለው ግን የካፑ ይዞታ ብቻ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የማሰሪያው ርዝመት ይጨምራል፣ ማንጠልጠያዎቹም ተራርቀው ይሰፋሉ። ስለዚህ ከአንድ ደረጃ በላይ ሲራቅ ዝምድናው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ፊደሉም ከዲ በኋላ በየአገሩ ይለያያል፤ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከዲ ቀጥለው ድርብ ዲ ሲሉ የአውሮፓው ኢ ይላል። በሰልባጅ ክምር ውስጥም ይሁን በሱቅ የምትገዛ ሴት አስቀድማ ሁለቱን ዙሪያ በሜትር ትለካ፤ ቁጥሩን ስታወርድ ፊደሉን ታውጣ፣ ቁጥሩን ስታወጣ ፊደሉን ታውርድ።