«ሁሉም ደህና ናቸው»

የሌሊቷ ነርስ «ሁሉም ደህና ናቸው» ብላ ወጣች እንበል። የአልጋ 6 ታካሚ የደም ምርመራ ውጤት ግን ገና ከላብራቶሪ አልመጣም፤ ተረካቢዋ ይህን አታውቅም።

ብዙ ቡድን ወዲያው ቅጽ አባዝቶ ለሆስፒታሉ ሁሉ ያድላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የማቀድ፣ የመሞከር፣ የማጥናትና የማስተካከል ዑደት ከትንሽ ይጀምራል። በ10 ርክክብ ውስጥ ስንት ያልደረሰ ውጤት ሳይነገር እንደቀረ ይቆጠራል፤ ቡድኑ ለውጡ ምን እንደሚያመጣ ግምቱን ይጽፋል፤ ከዚያ አንዲት ነርስ በአንድ ፈረቃ ብቻ ቅጹን ትሞክራለች።

የተሞላ ቅጽ ያታልላል። ስለዚህ ተረካቢዋ የምታውቀው ከታካሚው ካርድ ጋር ይመሳከራል። «የሚጠበቅ ውጤት» የሚለው ቦታ ከግርጌ ሆኖ ከተዘለለ ወደ ላይ ይወጣና በማግስቱ እንደገና ይሞከራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካና በካናዳ 9 ሆስፒታሎች የሐኪሞች ርክክብ ወጥ ሥርዓት ሲይዝ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀንሷል።