ወተቱን ሳይሆን ምርመራውን ያታለለው ዱቄት

ወተት ላይ ውኃ መጨመር የቆየ ማታለያ ነው፤ መያዣውም የቆየ ነው። አገር ቤት ያሉ የወተት መሰብሰቢያ ማዕከላት ላክቶሜትር የሚባል፣ ወተቱ ውስጥ ተንሳፎ ክብደቱን ከውኃ ጋር የሚያነጻጽር የመስታወት መለኪያ ይጠቀማሉ። ንጹሕ የላም ወተት ላይ ንባቡ 30 አካባቢ ይሆናል። በሦስት እጅ ወተት ላይ አንድ እጅ ውኃ ከተጨመረ ግን ወደ 22 ወይም 23 ይወርዳል። ሆኖም አታላዩም መለኪያውን ያውቀዋል። ውኃ ጨምሮ ስኳር ወይም ሌላ የሚሟሟ ነገር ቢበጠብጥበት ንባቡ ተመልሶ ይወጣል። መለኪያው የሚነግረን የፈሳሹን ክብደት እንጂ ወተት መሆን አለመሆኑን አይደለም።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ይህችው ትንሽ ክፍተት በአንድ ታላቅ አገር ውስጥ ያስከተለችውን ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት በዱቄት ወተት ታመሙ፤ መንግሥት ባመነው ቁጥር ስድስቱ ሞቱ። በጉዳዩ መሃል የነበረው በሄቤይ ክፍለ ሀገር በሺጃጁዋንግ ከተማ የሚገኘው ሳንሉ የተባለ ግዙፍ የወተት ኩባንያ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያ ወተት ያልተመረመረ ወተት አልነበረም። ተመርምሮ አልፏል። እንዴት አለፈ?

ወተት ገዢ ኩባንያ ውኃ መጨመሩን የሚቆጣጠርበት ዋናው መንገድ የፕሮቲን መጠን ነው። ፕሮቲንን ለመለካት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበትን ዘዴ ያገኘው ዮሃን ኬልዳል የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1883 ነው። ዘዴው ፕሮቲኑን ራሱን አይለካም። ወተቱን በጠንካራ አሲድ አፍልቶ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ይለካና በ6.38 ያባዛዋል። ምክንያቱም በወተት ፕሮቲን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በክብደት ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ስለሆነ ነው። ናይትሮጅኑ ከወተቱ ብቻ የመጣ እስከሆነ ድረስ ስሌቱ ትክክል ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ግን መሣሪያው የሚለይበት መንገድ የለውም።

አታላዮቹ የገቡት በዚያ በር ነው። ሜላሚን ሳህንና የጠረጴዛ ልባስ የሚሠራበት ነጭ ዱቄት ነው። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 1 ግራም ሜላሚን በኬልዳል ምርመራ ከ4 ግራም በላይ ፕሮቲን መስሎ ይታያል።

እስቲ በአንድ ሊትር እናስላው። ጥሩ ወተት በሊትር 32 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው እንበል። ሩብ ያህሉ ውኃ ሲሆን ፕሮቲኑ ወደ 24 ግራም ይወርዳል። በጊዜው የቻይና ደንብ ለጥሬ ወተት የሚጠይቀው በሊትር ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ነበር። ስለዚህ ይህ ወተት መመለስ ነበረበት። የጎደለችውን 6 ግራም በወረቀት ላይ ለመሙላት ግን 1 ግራም ተኩል የማይሞላ ሜላሚን ይበቃል። በገበያ «የፕሮቲን ዱቄት» እየተባለ ይሸጥ የነበረው ድብልቅ ደግሞ ሜላሚኑን ከስታርች ከሚወጣ ማልቶዴክስትሪን ከሚባል ዱቄት ጋር የቀላቀለ ነበር። ይህም እንደማንኛውም የሚሟሟ ዱቄት የቀጠነውን ወተት ክብደት ይጨምራል። በአንድ ዱቄት ሁለት ምርመራ ታለፈ ማለት ነው። በሕፃናቱ ሰውነት ውስጥ ግን ሜላሚኑ ከዩሪክ አሲድ ጋር ተጣምሮ በኩላሊታቸው ጠጠር ሠራ። ምግባቸው ያ ዱቄት ወተት ብቻ ስለነበር በየቀኑ ደጋግመው ወሰዱት።

ይህን የሚይዝ ምርመራ ጠፍቶ ነበር? አልነበረም። ወተቱ ላይ ፕሮቲን የሚያረጋ አሲድ ሲጨመር ፕሮቲኑ እንደ አይብ ረግቶ ይወርዳል፤ ሜላሚን ግን ከፈሳሹ ጋር ይቀራል። ተጣርቶ የሁለቱም ናይትሮጅን ለየብቻ ይለካል። በደኅና ወተት በፈሳሹ ውስጥ የሚቀረው ከጠቅላላው ናይትሮጅን ከመቶ 5 ወይም 6 እጅ ነው። ከላይ ባሰላነው ወተት ግን ከመቶ 20 በላይ ይሆናል። ልዩነቱ የሚሸሸግ አይደለም። ሜላሚንን ለይተው የሚያገኙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችም ነበሩ። ነገር ግን አንድ ተጨማሪ ደረጃ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሜላሚንንም እንዲፈልግ የታዘዘ አልነበረም።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል፣ ከአንድ ዓመት በፊት በ2007 ከቻይና የሄደ የስንዴ ፕሮቲን አሜሪካ ውስጥ ውሾችንና ድመቶችን ገድሎ ነበር፤ የተገኘበትም ይኸው ሜላሚን ነው። ሳንሉ ግን መንግሥት ለታላላቅ ኩባንያዎች ከሚሰጠው «ከምርመራ ነፃ» የሚል መብት ተጠቃሚ ነበር። ኩባንያው ችግሩን ለከተማው አስተዳደር ያስታወቀው ነሐሴ 2 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ የቤጂንግ ኦሎምፒክ ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። የከተማው ሹማምንት ጉዳዩን ወደ ላይ ሳያሳውቁ እስከ መስከረም ያዙት። ነገሩ የተንቀሳቀሰው በሳንሉ 43 በመቶ ድርሻ የነበረው የኒውዚላንዱ ፎንቴራ ለራሱ መንግሥት ተናግሮ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ መንግሥት በቀጥታ ለቤጂንግ ካሳወቀ በኋላ ነው። በኋላ ሁለት ሰዎች በሞት ተቀጡ፣ የኩባንያው ሊቀመንበር ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ ከምርመራ ነፃ የሚለው መብትም ተሰረዘ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባላችን የሚሠራው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ የወተት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተፈጨ በርበሬ ዋጋው በቅላቱ ይመዘናል። ያረጀ ወይም በባዕድ ነገር የበዛ በርበሬ ሱዳን 1 በተባለ፣ ለሰም፣ ለዘይትና ለጫማ ቀለም በተሠራ ማቅለሚያ ይቀላል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ካንሰር እንደሚያመጣ ስለታየ በምግብ ውስጥ የተከለከለ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ የሚጥሚጣ ዱቄት ወደ አንድ ማጣፈጫ ገብቶ፣ ማጣፈጫው ወደ ሌሎች ምግቦች ተሠራጭቶ ከ400 በላይ ምርቶች ከመደርደሪያ እንዲነሡ ተደረገ። ቅላትን ብቻ የሚለካ ምርመራ ይህን በርበሬ ከመያዝ ይልቅ ከፍ ያለ ደረጃ ይሰጠዋል።

ከአገር ቤት በሻንጣ በርበሬ ለምታስመጡ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። በርበሬውን ውኃ ላይ በትናችሁ ቀለም ካልለቀቀ ንጹሕ ነው የሚል ምክር በየቦታው ይነገራል። ሱዳን 1 ግን በውኃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በዘይት ነው። በዘይት እንሞክረው ብትሉ ደግሞ የደኅናው በርበሬ የተፈጥሮ ቀለምም በዘይት ይሟሟል። በቤት ውስጥ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። የምታውቁት ሰው ዛላውን ገዝቶ፣ ለቅሞና አስፈጭቶ ከላከላችሁ ግን ማቅለሚያ የሚገባበት አጋጣሚ እጅግ ይጠባል።

እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ «ምርታችን ተመርምሮ አልፏል» ሲላችሁ በዚያ አትቁሙ። ምርመራው የለካው ምን ነበር? ናሙናውን የወሰደው ማን ነው? ከምርመራ ነፃ የተደረገስ አለ? ሳንሉም «አልፏል» የሚል ወረቀት ነበረው።