ከጀርባ የሚቀረጽ ጥምቀት

በወንጌላውያን አማኞች የወንዝ ጥምቀት ተጠማቂው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ ወደ ኋላ እየተጋደመ ስለሚጠልቅ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ሲፈለግ ካሜራው ከጀርባው፣ ከውኃው ወለል ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል፤ ከፍ ካለ ዳርቻ ቁልቁል የሚቀርጽ ካሜራ ግን፣ ከጀርባም ቢሆን፣ በተጋደመበት ቅጽበት ፊቱን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። እምነቱን ለቤተሰቡ ገና ያልገለጠ አዲስ አማኝን ከምስሉ ባልተናነሰ የሚያጋልጠው ድምፅ ነው፤ አጥማቂው ስሙን ጮክ ብሎ ሊጠራ ስለሚችል ያ ድምፅ ተቆርጦ በመዝሙር ይተካል። ልጆች ከውኃ ሲወጡ እርጥብ ልብስ ከሰውነታቸው ስለሚጣበቅ፣ የወላጅ ፈቃድ ቢኖርም እንኳ፣ ፎጣ እስኪደረብላቸው ቀረጻው ይቋረጣል። በስልክ የተቀረጸ ፋይል የቦታ መረጃ፣ ማለትም የተቀረጸበትን ሥፍራ የሚጠቁም ስውር መረጃ፣ ሊይዝ ስለሚችል፣ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ይህ መረጃ ይሰረዛል።