የሾተላይ መርፌ እና 72ቱ ሰዓታት

አር ኤች ኔጋቲቭ የሆነች እናት እንደወለደች የምትወጋው መርፌ አሁን ለታቀፈችው ልጅ የሚፈይደው ነገር የለም። የሚጠብቀው ገና ያልተጸነሰውን ነው። ብዙ ቤተሰብ መርፌውን ችላ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሕፃኑ ጤነኛ፣ አራሷም ደህና ከሆኑ ምን ያስቸኩላል ይባላል። የሚያስቸኩለው ነገር በእናቲቱ ደም ውስጥ ስለሚካሄድ በዓይን አይታይም።

የሰው ደም ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚባለው በቀይ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ «ዲ» የተባለው ፕሮቲን በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ነው። እናት ኔጋቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ልጁም ኔጋቲቭ ስለሚሆን ስጋት የለም።

በእርግዝና ወቅት የእናትና የፅንስ ደም በእንግዴ ልጅ ተለያይቶ ይዘዋወራል። በወሊድ ጊዜ ግን እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ሊያልፍ ይችላል። ጣጣውን ለማስጀመር ከአንድ ሚሊ ሊትር ያነሰም ይበቃል። «ዲ»ን አይቶ የማያውቀው የእናቲቱ ሰውነት ባዕድ ገባብኝ ብሎ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያ ምርት ሳምንታት ስለሚፈጅ ሲደርስ ልጁ ተወልዷል። የበኩር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ የሚያመልጠው ለዚህ ነው።

ሰውነት ግን ቂም ይይዛል። በሚቀጥለው እርግዝና ፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ጥቂት ደም ቢያልፍ እንኳ የእናቲቱ ሰውነት ፈጥኖና አብዝቶ ያመርታል። ይህኛው ፀረ እንግዳ አካል እንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፤ ሲብስ ልቡ ይደክማል፣ ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፣ በማሕፀን ውስጥም ሊሞት ይችላል። በሕይወት ከተወለደ ደግሞ ከፈረሱት ሕዋሳት የሚወጣው ቢሊሩቢን በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ካልታከመ አንጎል ውስጥ ገብቶ የመስማትና የመንቀሳቀስ ችሎታን ይጎዳል። አባቶቻችን ሾተላይ ሲሉ ከኖሩት ሐዘን፣ ማለትም የበኩሩ አድጎ ተከታዮቹ በላይ በላዩ ከሚያልቁበት፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ልጅ በተደጋጋሚ በሞተ ቁጥር ግን ምክንያቱ አር ኤች ነው ማለት አይደለም።

የሾተላይ መርፌ የምንለው አንቲ ዲ ከሰው ፕላዝማ የተጣራ፣ «ዲ»ን የሚያጠቃ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ወደ እናቲቱ የገቡትን የልጁን ሕዋሳት ይይዛቸዋል፤ ሰውነቷ ለይቶ ሳያውቃቸው ከደሟ ይወገዳሉ። በብዙ አገሮች የሚሰጠው የ300 ማይክሮግራም መጠን 30 ሚሊ ሊትር ያህል የፅንስ ደም ይመክታል። ብዙ ደም ያለፈበት ምልክት ካለ፣ ምርመራው ባለበት ቦታ መጠኑ ይለካና መርፌው ይጨመራል።

የ72 ሰዓቱ ገደብ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ፍሬዳ፣ ጎርማንና ፖላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሐሳቡን በሲንግ ሲንግ ወኅኒ ቤት በፈቃደኛ እስረኞች ላይ ሞከሩ። ኔጋቲቭ ለሆኑት እስረኞች ፖዘቲቭ ደም ሰጥተው ከዚያ አንቲ ዲ ይወጓቸው ነበር። ወኅኒ ቤቱ እንዳሻቸው እንዲመላለሱ ስላልፈቀደ በሁለቱ መርፌዎች መካከል እስከ ሦስት ቀን ይቆዩ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መድኃኒቱ ሠራ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝም ሦስቱ ቀን መመሪያ ሆነ። በሌላ አነጋገር 72 ሰዓት እንደሚሠራ የተረጋገጠበት ጊዜ እንጂ መድኃኒቱ ድንገት የሚከሽፍበት ደቂቃ አይደለም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚለውጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። ቢ ኔጋቲቭ የሆነች ሴት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ባሏ ቢ ፖዘቲቭ ነው። በመጀመሪያው ክትትል ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለው ምርመራ ተሠርቶ ደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል እንደሌለ ታወቀ። በ28ኛው ሳምንት አንቲ ዲ ተወጋች። ቤተሰቡ «ተወግታለች፣ አበቃ» ቢል ይሳሳታል። መርፌው እየቀነሰ ሄዶ የሚጠብቃት ለ12 ሳምንታት ያህል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ደም በሚያልፍበት በወሊድ ሰዓት ተሟጧል።

ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወለደች። ከእትብቱ በተወሰደ ደም ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። ኔጋቲቭ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው መርፌ ባላስፈለገ ነበር። መርፌው ግን በተቋሙ ስላልነበረ ባል ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ሰነበተና ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አገኘው። 72ቱ ሰዓት እሑድ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስላለቀ 11 ሰዓት ዘግይቷል። እዚህ ላይ «አልፏል፣ አያስፈልግም» ብሎ መመለስ ከባዱ ስሕተት ነው። እስከ 10 ቀን ድረስ ቢሰጥ የተወሰነ መከላከያ እንደሚሆን የእንግሊዝ መመሪያ ይቀበላል፤ የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ደግሞ እስከ 28 ቀን ድረስ ለማሰብ ይፈቅዳሉ። ይህ ማለት ማዘግየት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ በዘገየ ቁጥር ሰውነት ማምረት የመጀመሩ ዕድል ይጨምራል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በ28ኛው ሳምንት የተወጋች ሴት በወሊድ ጊዜ ኩምብስ ቢሠራላት መርፌው ራሱ ውጤቱን በስሱ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ያንን አይቶ «ሰውነቷ አምርቷል፣ መርፌው አይጠቅማትም» ማለት መርፌውን ያስቀርባታል። መርፌው መቼ እንደተሰጠ ካርዷ ላይ መጻፉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መርፌው የሚያስፈልገው በወሊድ ብቻ አይደለም። ውርጃ፣ ከማሕፀን ውጭ እርግዝና፣ በእርግዝና ጊዜ የሚፈስ ደም፣ ሆድን የመታ አደጋ፣ የእንሽርት ውኃ ቀድቶ መመርመር፣ ያልተገለበጠ ፅንስን ከውጭ በእጅ ማዞር፣ እነዚህ ሁሉ ደም ሊያቀላቅሉ ይችላሉ። በቤት ውስጥ አልፎ የቀረና ለሐኪም ያልተነገረ ውርጃ በኋላ የሚመጣውን «የመጀመሪያ» ልጅ ሁለተኛ ሊያደርገው ይችላል።

መርፌው ምን ያህል ይጠብቃል? ያለ መርፌ፣ የደም ዓይነቱ ከእናቱ ጋር የሚጣጣም ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ከ100 ኔጋቲቭ እናቶች 16 ያህሉ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል፤ የ28ኛው ሳምንት ሲጨመር ደግሞ ከ1000 ሁለት ወይም ሦስት ገደማ ይሆናል።

በምሳሌያችን ያለችው ሴት ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ኩምብስ ይደገማል። ኔጋቲቭ ከሆነ ቀድሞ የተሰጣት መርፌ ሠርቷል፤ የ28ኛው ሳምንትና የወሊድ መርፌ እንደገና ይሰጣታል፣ ምክንያቱም የድሮው ለአዲሱ እርግዝና አይሸጋገርም። ፖዘቲቭ ሆኖ፣ በቅርብ የተወጋችው መርፌ ቀሪ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ግን አንቲ ዲ የሚጠቅማት ጊዜ አልፏል። ሰውነቷ የራሱን ማምረት ከጀመረ መድኃኒቱ ወደ ኋላ አይመልሰውም። የሚቀረው የምርቱን መጠን እየተከታተሉ፣ በአልትራሳውንድ የፅንሱን የአንጎል ደም ስር ፍጥነት እየለኩ፣ ደም ማነሱ ከበረታ በማሕፀን ውስጥ ደም መስጠት ነው። ይህን የሚሠሩት ተቋማት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ ኔጋቲቭ እናት ያላቸው ቤተሰቦች መርፌው የት እንደሚገኝ ከ28ኛው ሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት ሲገዛም በበረዶ ሳጥን ይያዝ። ከወሊድ በኋላ ከተቋሙ ከመውጣት በፊት የሕፃኑ የደም ዓይነት ውጤት ምን እንደሆነ ይጠየቅ፤ መርፌው የተሰጠበት ቀንና ሰዓትም ካርዱ ላይ ይጻፍ። መርፌው ሳይገኝ ቀኑ ካለፈም የዘገየ መርፌ ከቀረ መርፌ ስለሚሻል ፍለጋው አይቋረጥ።